የተገለበጠ ወንበር ምስክርነት

ወንበር በእግሩ ቆሞ ሳለ የሚናገረው ስለ ተቀማጩ ነው። ተገልብጦ ሆዱ ወደ ላይ ሲሆን ግን ስለ ሠሪው ይናገራል። ከላይ ያለው ገጹ ተወልውሏል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ ጨርቅ ለብሷል፤ ለእንግዳ ዓይን ተሰናድቷል። ከታች ያለውን ግን ማንም አያየውምና ማንም አላሰናዳውም። የመጋዙ ጥርስ፣ የመሮው ምት፣ የኮላው ፍሳሽ፣ የተቀደደ የወረቀት ምልክት፣ የዛገ ቪቴ ሁሉ በነበሩበት ይቆያሉ። ስለዚህም አንድን ወንበር ማን እንደ ሠራውና በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚሻ ሰው ምርመራውን የሚጀምረው ከመቀመጫው በታች ነው።

የጌዴኦ ምድር ዋና ከተማ በሆነችው በዲላ እንዲህ ያለው ጥያቄ ባዶ የመዝናኛ ጥያቄ አይደለም። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመዲናይቱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ቡናው ወደ ውጭ ሲሄድ ከውጭ የመጣ ዕቃ ደግሞ በዚያው መንገድ ገብቷል። ከተማይቱን በከበበው ገጠር በእንሰትና በቡና መካከል የዋንዛ ዛፍ ጥላውን ጥሎ ይቆማል፤ ዋንዛ ደግሞ በመላ ኢትዮጵያ አናጢው የሚመርጠው እንጨት ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ከሩቅ አገር ፋብሪካ የወጣ ወንበርና ከአጥር ግቢ በተቆረጠ ዋንዛ የተሠራ ወንበር ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። የትኛው የማን መሆኑ በስሕተት ሲነገር ከሁለት ወገን አንዱ ይበደላል። የአገሬው አናጢ ድካም «የፈረንጅ ሥራ» ተብሎ ይነጠቃል፤ ወይም የፋብሪካው ሠራተኛ ሥራ ያለ ስሙና ያለ ዘመኑ ይቀራል።

ጉዳዩ በግልጽ እንዲታይ አንባቢ አንድ ወንበር በዓይነ ኅሊናው ያቅርብ። ወንበሩ በአንድ የቀድሞ የቡና ነጋዴ ቤት የሚገኝ ነው እንበል። ጀርባው ሁለት ክብ ቅስቶች አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡበት፣ መቀመጫው ክብ፣ እግሮቹ ቀጫጭን የሆኑ ጥቁር ወንበር ነው። አያት «ጣሊያን ያመጣው ነው» ይላሉ። አጎት «የለም፣ ከምኒልክ ዘመን የቆየ ነው» ይላሉ። የሠፈሩ አናጢ ደግሞ «እኔ ራሴ የሠራሁት ክፍል አለበት» ይላል። ከሦስቱ ማንኛቸው እውነት ይናገራሉ?

ፎቶግራፍ የማንሣት ሥርዓት

ምርመራው ወንበሩን ሳይነቅሉና ሳያጥቡ የሚካሄድ በመሆኑ መሣሪያው ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ ሥዕል ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። በመጀመሪያ ወንበሩ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከታች በሙሉ ይነሣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በቅርብ ይነሣል። በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ማስመሪያ ከዕቃው ጋር ይቀመጣል፤ ያለ ማስመሪያ የቪቴ ውፍረትም የቀዳዳ ርቀትም ከሥዕል ሊነበብ አይችልምና።

ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ በጣም ዝቅ ብሎ እንዲመጣ መደረግ አለበት። ጠዋት ወይም ወደ ማታ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከፊት የመጣ ብርሃን የእንጨቱን ገጽ ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳየዋል። ከጎን የመጣው ግን የመላጊያውን ሞገድ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰውን ፊደል ጉድጓድና ከቀለም በታች የተደበቀውን አሮጌ ቀዳዳ በጥላ ያወጣል። ወረቀት ምልክት ከተገኘ እርጥብ ጨርቅ አይነካውም፤ ቀለሙ በአንድ መጥረግ ሊጠፋ ይችላል። አንዴ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ በጎን ብርሃን ይነሣል፤ የተቀደደው ጠርዝም ሳይቀር ይነሣል፤ የጎደለው ፊደል ስንት እንደ ሆነ የሚገመተው ከወረቀቱ ስፋት ነውና።

የመጋጠሚያው ቃል

የእንጨት ሥራ በመሠረቱ ለአንድ ችግር የሚሰጥ መልስ ነው። እንጨት በርዝመቱ ጠንካራ ነው፤ በጎኑ ግን ይሰነጠቃል። ወንበር ደግሞ ቅርጹ ቀጥ ያለ አይደለም። እንግዲህ ቀጥ ካለው ዛፍ ጎባጣውን ወንበር እንዴት ማውጣት ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ተሰጥተዋል፤ ሦስቱም በኢትዮጵያ ወንበሮች ላይ ይታያሉ።

የመጀመሪያው መልስ ወንበሩን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ማውጣት ነው። በጅማና በአካባቢው የታወቀው ባለ ሦስት እግር ወንበር እንዲህ የተሠራ ነው። መቀመጫው፣ መደገፊያውና እግሩ አንድ አካል ስለ ሆኑ መጋጠሚያ የለውም፤ ምስማርም ኮላም አይሻም። ሆዱ በጎን ብርሃን ሲታይ የመጥረቢያው ምት ጠፍጣፋ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ወንበር በመጋጠሚያና በብረት መለየት አይቻልም፤ ምስክሮቹ ሌሎች ናቸው። ከነዚያም አንዱ የእንጨቱ መድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በዕድሜ ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚቀንሰው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚቀንሰው በግምት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከእርጥብ እንጨት ክብ ሆኖ የተቀረጸ ነገር ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል። በማስመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በመስቀል አቅጣጫ ሲለካ ልዩነቱ ይታያል። ይህ ግን እንጨቱ እርጥብ ሳለ መቀረጹን እንጂ የዓመቱን ቁጥር አይናገርም፤ መድረቁ በጥቂት ዓመታት ያበቃልና።

ሁለተኛው መልስ ጎባጣውን ክፍል ከሳንቃ በመጋዝ ቆርጦ ቁርጥራጩን ማጋጠም ነው። አንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ይቀጥናል፤ በሌላው ላይ በመሮ ቀዳዳ ይወጣለታል፤ ምላሱ በኮላ ወይም በእንጨት ችንካር ይታሰራል። የአገራችን አናጢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በፎቶግራፍ የሚታወቀውም በእንጨቱ ጅማት አካሄድ ነው። ሳንቃው ቀጥ ያለ ስለ ነበር ቅስቱ ወደ ጎን ሲዞር ጅማቱ አብሮት አይዞርም፤ ከጠርዙ ይወጣና ይቆረጣል። የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ሦስተኛው መልስ እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ ማጠፍ ነው። ይህን መልስ ወደ ታላቅ ኢንዱስትሪ ያደረሰው በ1796 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በራይን ወንዝ ዳር በቦፓርድ የተወለደው አናጢ ሚካኤል ቶኔት ነው። መጀመሪያ ስስ ልጣጮችን በኮላ አጣብቆ ያጥፍ ነበር። ኮላው ግን በእርጥበት ይለቅ ነበርና ወደ ሩቅና ሞቃት አገር የሚላክ ወንበር ሊያዛልቀው አልቻለም። መፍትሔው ኮላውን ትቶ ድፍኑን ዘንግ ማጠፍ ነበር። ድፍን ዘንግ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይሳባል፤ የውስጡ ይጨመቃል። እንጨት መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልምና በውጭው በኩል ይተረተራል። ቶኔት በውጭው ጎን ላይ ስስ የብረት ጥብጣብ ከዘንጉ ጋር አጣብቆ አሰረ። ብረቱ ስለማይሳብ እንጨቱም ሊሳብ አልቻለም፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ውስጠኛው ጎን ሄዶ መጨመቅ ብቻ ሆነ። ለዚህ ብልሃት በ1856 ቪየና ላይ የ13 ዓመት መብት ተሰጠው፤ ፋብሪካውም ቢች የሚባለው ዛፍ በብዛት ባለበት በሞራቪያ በኮሪቻኒ ተቋቋመ።

አሁን በዓይነ ኅሊና የቀረበው የዲላው ወንበር ይገልበጥ። የኋላ እግሮቹና የጀርባው ትልቅ ቅስት አንድ ረጅም ዘንግ ናቸው፤ ከአንዱ እግር ተነሥቶ በአናቱ ዞሮ በሌላው እግር እስኪወርድ አንድም መጋጠሚያ የለበትም። ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ጅማቱ ከቅስቱ ጋር ሳይቋረጥ ይዞራል። በውስጠኛው ጎን ላይ ጥቃቅን የመጨማደድ መስመሮች አሉ፤ የተጨመቀ እንጨት ምልክት ነው። ገጹ ላይም እንደ ተልባ ፍሬ የጠቆሩ አጫጭር ጭረቶች ተበትነዋል፤ እነዚህ የቢች እንጨት መታወቂያ ናቸው፤ በዋንዛ ላይ በዚህ መልክ አይታዩም። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ የወንበሩ ዋና አካል በፋብሪካ በእንፋሎት የታጠፈ የአውሮፓ እንጨት ነው። የየትኛው ፋብሪካ እንደ ሆነ ግን መጋጠሚያው አይናገርም።

አለመናገሩም ምክንያት አለው። በ1859 የወጣው ቁጥር 14 የተባለው ወንበር ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ አሥር ቪቴና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበር። ተፈታቶ ሲታሸግ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ 36 ወንበር ይገባ ነበር። የቶኔት መብት በ1869 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ቅርጽ ማምረት ጀመሩ፤ ከነርሱም ትልቁ የያዕቆብና የዮሴፍ ኮን ድርጅት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ወንበር ሁሉ «ቶኔት» ብሎ መጥራት የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው። ቅርጽን አይቶ ሠሪን መጥራት በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተዘወተረው ስሕተት ነው።

የምልክቱ ቃል

ሠሪውን የሚጠራው በመቀመጫው ቀለበት ውስጠኛ ጎን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወይም በብረት የተመታ ስም ነው። በዲላው ወንበር ላይ የወረቀቱ ግማሽ ተቀዷል። በቀረው ላይ ከላይ «…ኔት» የሚል ቁራጭ፣ ከሥሩ «ሙንዱስ» የሚል ሙሉ ስም በላቲን ፊደል ይነበባል። ከወረቀቱ ራቅ ብሎ በጎን ብርሃን ብቻ የሚታይ የተተኮሰ ጽሑፍ አለ፤ እርሱም «ቼኮስሎቫኪያ» ይላል።

እነዚህ ሁለት ቃላት ዘመኑን ከሁለት ወገን ያጥሩታል። ቼኮስሎቫኪያ የምትባል አገር የተመሠረተችው በ1918 የኦስትሪያና የሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲፈርስ ነው። ከዚያ በፊት ከሞራቪያ ፋብሪካ የወጣ ወንበር የአገር ስም ቢጻፍበት «ኦስትሪያ» ነበር የሚለው። ሁለተኛው አጥር የድርጅቶቹ ታሪክ ነው። ሙንዱስ የተባለው ማኅበር በ1914 ከኮን ጋር ተዋሐደ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቶኔት ተጨመረበት። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ሊገናኙ የሚችሉት ከዚያ ወዲህ ብቻ ነው። በሌላው ወገን፣ ቼኮስሎቫኪያ በመጋቢት 1939 በናዚ ጀርመን ፈረሰች። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ተመልሳ ብትቆምም ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ንብረት ሆኑ፤ በቢስትርዢትሴ የሚገኘው ዋናው ፋብሪካ ከ1953 ጀምሮ «ቶን» በሚል ስም ቀጠለ። የጋራው ስም የሁለቱ ጦርነቶች መካከል ዘመን ስም ነው።

እንግዲህ ወንበሩ የተሠራው ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1939 ባለው ጊዜ ነው። የአጎትየው ቃል ወደቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት በ1913 ነውና። የአያትየው ቃል ግን አልወደቀም፤ አልጸናምም። የኢጣልያ ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1941 ስለ ሆነ ከወንበሩ ዘመን ጋር በከፊል ይገጥማል። ነገር ግን ወንበሩ ከወረራው በፊትም ሊገባ ይችል ነበር፤ የጅቡቲ ባቡር ከ1917 ጀምሮ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ተፈታቶ የታሸገ ወንበርም በጋማ ከብት ጀርባ ለመጫን የሚያስቸግር አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ተሽጦም ሊሆን ይችላል። ምልክት ዕቃው የትና መቼ እንደ ተሠራ ይመሰክራል፤ ማን እንዳመጣው አይመሰክርም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሰው እውነተኛ ምልክት ይዞ ሐሰተኛ ታሪክ ይጽፋል።

በዲላ ወንበሮች ላይ ሌላም ዓይነት ምልክት አለ፤ ይኸውም የመሥሪያ ቤት የንብረት ጽሑፍ ነው። በቀለም ወይም በማኅተም ከወንበሩ ሆድ ላይ የሚጻፍ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን የአስተዳደር ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል። «ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት» ወይም «ደራሳ አውራጃ» የሚል ጽሑፍ ከ1974ቱ አብዮት በፊት የነበረውን አጠራር የያዘ ነው። «ክፍለ ሀገር» እና «ጌዴኦ አውራጃ» የሚሉት ከአብዮቱ ወዲህ የመጡ ናቸው። «ቀበሌ» የሚል ቃል ካለ የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙበት ከ1975 ሊቀድም አይችልም። «ጌዴኦ ዞን» የሚለው ከ1991 በኋላ ነው፤ «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» የሚለው ደግሞ ክልሉ ከተመሠረተበት ከ2023 ወዲህ ነው።

እዚህም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የንብረት ጽሑፍ የሚናገረው ወንበሩ የተመዘገበበትን ጊዜ ነው፤ ወንበሩ ከጽሑፉ ሊቀድም ይችላል፤ ሊከተለው ግን ከቶ አይችልም። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፍ ተደራርቦ ሲገኝ የታችኛው መጀመሪያ መነበብ አለበት። በጎን ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ የላይኛው ቀለም በታችኛው ላይ እንዴት እንዳለፈ ያሳያል። አዲሱን ለመጻፍ አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ከልማዳችን አንዱ በመሆኑ፣ የተፋቀ ቦታም ራሱ ምልክት ነው፦ ወንበሩ ቢያንስ አንዴ ባለቤት ቀይሯል።

የብረቱ ቃል

ሦስተኛው ምስክር ብረቱ ነው። ቪቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ ስንል የምንናገረው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ቃሉ ግን ስለ ሙያው ጉዞ እንጂ ስለ አንድ ወንበር አይመሰክርም። በ«ቪቴ» የተያዘ ሁሉ ጣሊያን የሠራው ቢሆን ኖሮ የዲላው ጠረጴዛና በር ሁሉ የጣሊያን በሆነ ነበር።

ብረት ከእንጨት የሚለየው በቀላሉ መተካቱ ነው። ስለዚህ በብረቱ የሚጠየቀው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ብረት በዚህ ቀዳዳ ውስጥ የመጀመሪያው ነውን?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ የቪቴው ራስ እንጨቱ ላይ የጨለመ ክብ አትሟል፤ ዝገቱም ወደ እንጨቱ ገብቶ ጠርዙን አጥቁሯል። ተተኪ ከሆነ አጠገቡ የተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ ይገኛል፤ የአሮጌው ራስ አሻራ ከአዲሱ ራስ ይሰፋል ወይም ይጠባል።

በዲላው ወንበር ላይ ጀርባውን ከመቀመጫው ከሚያይዙት ሁለት ብሎኖች አንደኛው ራሱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለው፤ አሻራውም ልክ ነው። ሁለተኛው ራሱ ላይ መስቀል አለው። ባለ መስቀል ራስ ቪቴ በአሜሪካ በሄንሪ ፊሊፕስ ስም የተመዘገበውና በመኪና ፋብሪካ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1936 ነው፤ ወደ ተራው የእንጨት ሥራ በሰፊው የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ችኩል ተመልካች ይህን አይቶ «ወንበሩ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ቪቴ ዙሪያ ከርሱ የሚሰፋ የአሮጌ ራስ አሻራ አለ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበርና ትልቅ ሮንዴላ ተጨምሮበታል። ቪቴው የሚመሰክረው የጥገናውን ዘመን ነው።

መቀመጫውም እንዲሁ ነው። ዛሬ በኮምፔንሳቶ ተሸፍኗል። ኮምፔንሳቶው ከታች ሲታይ ግን በቀለበቱ ዙሪያ እኩል የተራራቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። በነዚህ ቀዳዳዎች የራታን ልጥ ተስቦ መቀመጫው እንደ መረብ ተሸምኖ ነበር። መረቡ ሲበጠስ ቀዳዳዎቹ ቀሩ፤ በላያቸው ላይ ኮምፔንሳቶው በምስማር ተመታ። ቀዳዳ ባይኖር ኖሮ ወንበሩ ከመጀመሪያው የሳንቃ መቀመጫ ነበረው ማለት በተቻለ ነበር።

ያልተጻፈው ስም

ሦስተኛው ተናጋሪ የሠፈሩ አናጢ ነበር፤ «እኔ የሠራሁት ክፍል አለበት» ብሏል። የቤቱ ሰዎች ሳቁበት፤ በወንበሩ ላይ የውጭ አገር ስም ተጽፎ ሳለ እርሱ ምን ድርሻ ይኖረዋል? ፎቶግራፎቹ ግን የሚፈርዱት ለርሱ ነው።

አራቱን እግሮች ከታች የሚያያይዘው ቀለበት የታጠፈ አይደለም። ከአራት ቅስት ቁራጮች የተጋጠመ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጅማቱ ከጠርዙ ይወጣል፤ ማለት ከሳንቃ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። እንጨቱ ቡናማና ከቢቹ የቀለለ፣ ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ ዋንዛ ነው። ቁራጮቹ የተያያዙት በምላስና በቀዳዳ ሲሆን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት የእንጨት ችንካር ገብቷል፤ ሁለቱ ችንካሮችም ትይዩ ሳይሆኑ እርስ በርሳቸው ዘንበል ብለው የገቡ ናቸው። ይህ በስሕተት የሆነ አይደለም። ዘንበል ብለው የገቡ ሁለት ችንካሮች መጋጠሚያውን ይቆልፉታል፤ ወንበሩ ሲናወጥ ምላሱ ወጥቶ እንዳይሄድ ይይዙታል። የችንካሩ ራስ ክብ ሳይሆን ባለ ብዙ ጎን ነው፤ በቢላዋ የተጠረበ እንጂ ከፋብሪካ የወጣ አይደለምና።

አሁን ጥያቄው ይህ እጅ የማን ነው የሚል ይሆናል። አናጢው ስሙን አልጻፈም። በሀገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ በመኖሩ ባለ እጁ ስሙን በሥራው ላይ እንዲያኖር የሚጠይቀው አልነበረም። ያልተጻፈ ስም ግን ፈጽሞ የጠፋ ስም አይደለም። የኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ይህን ያስተምራል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች የዚያን ሥዕል የፊት አሳሳል፣ የእጅ አያያዝና የልብስ እጥፋት አጥንተው፣ ስም ያልተጻፈባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከርሱ ወይም ከርሱ ሥራ ቤት ጋር ለማዛመድ ችለዋል። መነሻው አንድ የተረጋገጠ ሥራ ነው፤ የቀረው ማነጻጸር ነው።

በአናጢውም ላይ የሚሠራው ሥርዓት ይኸው ነው። መጀመሪያ እርሱ መሥራቱ በምስክር የተረጋገጠ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ በራሱ ቤት ያለ በርጩማ፣ ተገልብጦ በዚያው ብርሃንና በዚያው ማስመሪያ ይነሣል። ከዚያ የችንካሩ ዝንባሌ፣ ከጠርዙ ያለው ርቀት፣ የመሮው ስፋትና የመሮው ጥርስ ጉድለት ይነጻጸራል። የመጨረሻው ከሁሉ የጠነከረ ነው። የተሸረፈ መሮ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ጭረት ይተዋል፤ ሆኖም ምልክቱ የሚቆየው መሮው ዳግመኛ እስኪሳል ብቻ ነውና፣ በሁለት ዕቃዎች ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ከተገኘ ሁለቱ በአንድ እጅ ብቻ ሳይሆን በተቀራረበ ጊዜ ለመሠራታቸውም ምስክር ነው።

ጥንቃቄው እዚህም አይቀርም። የችንካር ማዘንበል ብልሃት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል፤ ስለዚህ አንድ ብልሃት ብቻውን አንድን ሰው ሳይሆን አንድን ሥራ ቤት ሊያመለክት ይችላል። መሮም ይሸጣል፤ ይወረሳል። ስለዚህ ፍርዱ በአንድ ምልክት ላይ አይቆምም። ብልሃቱም፣ ልኩም፣ ጭረቱም በአንድነት ሲገጥሙ ብቻ «የዚህ ሰው እጅ ነው» ይባላል፤ ሁለቱ ገጥመው አንዱ ቢለይ «ከዚህ ሥራ ቤት የወጣ ነው» ይባላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዝም ይባላል።

እንግዲህ የወንበሩ የመዝገብ ቃል እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይገባል፦ «በእንፋሎት የታጠፈ የቢች ወንበር፤ የቶኔትና የሙንዱስ ጥምር ድርጅት ሥራ፤ ቼኮስሎቫኪያ፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1939። ወደ ዲላ የገባበት ጊዜና መንገድ አልተረጋገጠም። የእግሩ ቀለበት ከዋንዛ እንደ ገና የተሠራ፤ አንድ ብሎን የተተካ፤ የራታኑ መቀመጫ በኮምፔንሳቶ የተለወጠ፤ ጥገናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፤ የዲላ አናጢ ሥራ።» ከዚህም ቀጥሎ፣ ማነጻጸሩ ከገጠመ፣ የአናጢው ስም ይገባል።

በዚህ መዝገብ ላይ አያትም አጎትም የፈለጉትን ሙሉ በሙሉ አያገኙም። አናጢው ግን ያገኛል። የሞራቪያው ፋብሪካ ወንበሩን ሠርቶ ሸጠ፤ ያ ወንበር ቀለበቱ ሲሰበር ለማገዶ ከመሄድ የዳነው በዲላ ነው። በሁለት የዘነበሉ ችንካሮች አራት ቅስት ዋንዛ ያጋጠመው እጅ ባይኖር ኖሮ የሚነበብ ወረቀትም፣ የሚገለበጥ ወንበርም ባልቀረ ነበር።